ሕዝብ ከማይጠፋበት አይጠየፍ አዳራሽ ሰው የሌለበት ፎቶ እንዴት ይገኛል?

ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን በበዓል ሰሞን ፎቶ ማንሣት የፈለገ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ይህ አዳራሽ ሙሉ ፊቱ እንዲታይ ራቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል፤ ራቅ ሲሉ ደግሞ በመሃል የሚያልፈው ሰው ይበዛል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ሦስቱ ቆመው ይነሣሉ፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። ቦታው ሙሉ በሙሉ ባዶ የሚሆንበት ቅጽበት እስኪመጣ ቢጠበቅ ቀኑ ይመሻል።

እንዲህ ካለ ቦታ ሰው የሌለበት ፎቶ ሲወጣ አብዛኛው ተመልካች ወይ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቷል ይላል፣ ወይ ሰዎቹ አንድ በአንድ በኮምፒውተር ተፍቀዋል ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እኩለ ቀን ላይ፣ ሕዝቡ እያለፈ፣ ማንንም ሳይፍቁ ባዶ ፎቶ የሚገኝበት ሌላ መንገድ አለ። ካሜራውን አንድ ቦታ ተክሎ ብዙ ፎቶ ማንሣት፣ ከዚያም ፎቶዎቹን ደራርቦ ሚዲያናቸውን ማውጣት ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ለምን እንደሚጠፋ የገባው ሰው መቼ እንደማይጠፋም አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ከአሠራሩ በፊት ምክንያቱን ማየቱ ይጠቅማል።

ሚዲያን ማለት ምን ማለት ነው?

ሚዲያን ቁጥሮች ከትንሹ እስከ ትልቁ ሲደረደሩ ልክ መሃል ላይ የሚቀመጠው ቁጥር ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ዘጠኝ ሰዎች አንድ በሬ እንዲገምቱ ተጠየቁ እንበል። ሰባቱ 80 ሺህ ብር አሉ፤ አንዱ ከብት የማያውቅ 10 ሺህ አለ፤ ሌላው 300 ሺህ አለ። ግምቶቹ ሲደረደሩ አምስተኛው፣ ማለትም መሃለኛው፣ 80 ሺህ ነው። ተደምረው ለዘጠኝ ቢካፈሉ ግን ወደ 97 ሺህ የሚጠጋ ቁጥር ይመጣል፤ ይህን ዋጋ ደግሞ ከዘጠኙ አንድም ሰው አልተናገረውም። አማካይ የሁሉንም ድምፅ ይቀላቅላል። ሚዲያን ግን በሁለቱም ጫፍ ያፈነገጡትን ትቶ ብዙዎቹ የተስማሙበትን ይይዛል።

ይህ ከፎቶ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ዲጂታል ፎቶ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። የእያንዳንዱ ፒክስል ብሩህነት በቁጥር ይመዘገባል፤ በተለመደው የጄፔግ ፎቶ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ድፍን ነጭ ነው። ባለቀለም ፎቶ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ እዚህ ግን ነገሩ እንዲቀል አንዱን ብቻ እንከተል።

ካሜራው ካልተንቀሳቀሰ በዘጠኙም ፎቶ ላይ አንድ የተወሰነ ፒክስል የሚያየው ያንኑ የግድግዳ ቁራጭ ነው። ማንም ካልከለለው ቁጥሩ በየፎቶው በጥቂቱ ብቻ ይለያያል፦ 180፣ 182፣ 181። ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ከፊቱ ሲያልፍ ግን ወደ 50 አካባቢ ይወርዳል። ከዘጠኙ ፎቶ በሦስቱ ሰው አልፎበታል እንበል፤ ቁጥሮቹ ሲደረደሩ እንዲህ ይሆናሉ፦ 40፣ 52፣ 61፣ 180፣ 181፣ 182፣ 182፣ 182፣ 183። አምስተኛው 181 ነው፤ ግድግዳው ማለት ነው። ሦስቱ ሰዎች በመጨረሻው ፎቶ ላይ ቅንጣት አሻራ አይተዉም። ኮምፒውተሩ ሰው ምን እንደሚመስል፣ ግድግዳም ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ይህንኑ ስሌት በሚሊዮን ለሚቆጠሩት ፒክስሎች ሁሉ ለየብቻ ይደግመዋል።

እነዚሁ ቁጥሮች በአማካይ ቢሰሉ 138 ይመጣል። ግድግዳው ላይ ጭስ የመሰለ ጥቁር ጥላ ይቀራል ማለት ነው። ሌንሱ ላይ ጥቁር ፊልተር ገጥሞ ሹተሩን ለደቂቃዎች ከፍቶ ማቆየትም ሰው ያጠፋል የሚባል ዘዴ ነው፤ እሱ ግን በተግባር አማካይ ነው። ካሜራው የገባውን ብርሃን ሁሉ ይደምራል። ስለዚህ በፍጥነት የሚያልፍ ሰው ይሳሳል እንጂ ቆም ቆም የሚለው ሰው እንደ መንፈስ ሆኖ ይቀራል።

ስንት ፎቶ ይበቃል?

መልሱ በሰዉ ብዛት ላይ ሳይሆን እያንዳንዷ ቦታ ከጠቅላላው ጊዜ ምን ያህሉን በሰው ተከልላ እንደምታሳልፍ ላይ ይወሰናል። የሁሉም ነገር ቁልፍ ይህ ነው። አደባባዩ ላይ ሁለት መቶ ሰው ቢኖርና ሁሉም ቢንቀሳቀስ፣ አንዷ የግድግዳ ነጥብ የምትከለለው ከአሥር ፎቶ በሁለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ቢኖርና ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ በሁሉም ፎቶ ተከልሏል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ሁለተኛው በዚህ ዘዴ አይፈታም።

ወሰኑ ግማሽ ነው። አንድ ነጥብ ከግማሽ በላይ በሆኑት ፎቶዎች ባዶ ከሆነ ሚዲያኑ ምንጊዜም ግድግዳውን ይሰጣል። ከግማሽ በታች ከሆነ ዋስትና የለም። አንድ ነጥብ በአማካይ ከጊዜው 30 በመቶውን ይከለላል ብንልና ፎቶዎቹ አንዳቸው ከሌላቸው ጋር ካልተያያዙ፣ በ9 ፎቶ ያ ነጥብ ከግማሽ በላይ የመከለሉ ዕድል ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። በ15 ፎቶ 5 በመቶ ይሆናል፤ በ21 ደግሞ ከ3 በመቶ በታች ይወርዳል። እንዲህ ላለ ቦታ 9 ፎቶ ጥቂት፣ 21 ጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው። መተላለፊያው ላላ ካለና መከለሉ ወደ 20 በመቶ ከወረደ 9 ፎቶም በ2 በመቶ ስህተት ሥራውን ይሠራል።

ከዚሁ ስሌት የሚወጣ፣ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። አንድ ቦታ ከጊዜው 60 በመቶውን በሰው የተያዘ ከሆነ ፎቶ ማብዛት ነገሩን ያባብሰዋል። ብዙኀኑ ሰው ስለሆነ ፎቶው በበዛ ቁጥር ሰዉ ይበልጥ እየተረጋገጠ ይሄዳል። የአዳራሹ በር ዋና ምሳሌ ነው። ግቢው ውስጥ የተበተነው ሕዝብ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያልፈው በእሱ ስለሆነ፣ ግድግዳው ፍጹም ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ በሩ ላይ ብቻ የተጨማለቀ የሰው ቅርጽ ይቀራል። መፍትሔው በኋላ ይመጣል።

ልብስም ለውጥ ያመጣል። ከዘጠኝ ፎቶ አምስቱ በሰው ተከልለዋል እንበል። አምስቱም ጥቁር ከለበሱ ቁጥሮቹ 40፣ 48፣ 52፣ 55፣ 61፣ 180፣ 181፣ 182፣ 183 ይሆናሉ፤ አምስተኛው 61 ነው፤ ሰው ቀረ። ከአምስቱ ሁለቱ ነጭ ነጠላ ለብሰው ከነበረ ግን 40፣ 48፣ 55፣ 180፣ 181፣ 182፣ 183፣ 240፣ 245 ይሆናል፤ አምስተኛው 181፣ ግድግዳው ራሱ ነው። ጨለማውና ብርሃኑ በሁለት ጫፍ ተካፍለው ስለቆሙ መሃሉን አልነኩትም። ስለዚህ መካከለኛ ብሩህነት ያለው ግድግዳ ከድፍን ነጭ ወይም ከጥቁር ይልቅ ይቀላል። ነጭ የተቀባ ግድግዳ ፊት የሚያልፍ ሰው ሁሉ ከግድግዳው የጠቆረ ስለሚሆን ይህ ዕድል የለም፤ እዚያ ግማሹ ወሰን በጥብቅ ይሠራል።

በየስንት ሰከንዱ ይነሣ?

ከላይ ያለው ስሌት የሚሠራው ፎቶዎቹ የተለያየ ሰው ሲይዙ ብቻ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ በተከታታይ የተነሡ 21 ፎቶዎች ለዚህ ሥራ እንደ አንድ ፎቶ ይቆጠራሉ፤ ሁሉም ሰው እዚያው ነው ያለው። ዘና ብሎ የሚሄድ ሰው በሰከንድ ከአንድ ሜትር ትንሽ በላይ ይራመዳል፤ ስለዚህ በ10 ሰከንድ ከያዘው ቦታ ፈጽሞ ይርቃል። ለሚያልፍ ሰው 10 ሰከንድ ይበቃል። ቆሞ ፎቶ የሚነሣ ቡድን ግን ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል 15 ሰከንድ የተሻለ ነው፤ 21 ፎቶ በየ15 ሰከንዱ 5 ደቂቃ ይወስዳል። እዚያ ውስጥ አንድ ደቂቃ የቆመ ቡድን የሚይዘው አራት ወይም አምስት ፎቶ ነው፤ ከግማሽ በጣም ያንሳል፤ ይጠፋል።

ክፍተቱን ወደ አንድ ደቂቃ ማስፋት ለሰዉ ይበልጥ ይጠቅም ነበር። የሚያግደው ብርሃን ነው። ሥራው 20 ደቂቃ ከፈጀ የጥላው ጠርዝ በግልጽ ይንቀሳቀሳል፣ ደመናም ይገባል። ደሴ ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ጉምና ደመና በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላም ፀሐይዋ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ብርሃኑ ቶሎ ይለወጣል። ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ወጥ የሆነ ዳመና ያለበት ረፋድ ይመረጣል። ፀሐይና ደመና የሚፈራረቁበት ሰዓት ከሁሉ የከፋው ነው።

ካሜራው እንዴት ይዘጋጃል?

ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ፣ በትራይፖድ፣ ላይ ይተከላል። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ እግሮቹ ጠብቀው ይጫኑ፤ የመሃሉ ዘንግ አይረዘም። በእጅ መጫን ካሜራውን ስለሚያነቃንቅ የሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ወይም ራሱ በየክፍተቱ የሚያነሣ ቅንብር ይጠቅማል። ሌንሱ ላይ ያለው የንዝረት መከላከያ ትራይፖድ ላይ ይጥፋ፤ አንዳንድ ሌንስ ራሱ ምስሉን በየፎቶው ትንሽ ያንሸራትታልና።

ከዚያ ማንኛውም በራሱ የሚለወጥ ነገር ይቆለፍ። ቅንብሩ ማንዋል ይሁን፦ ለፀሐያማ ረፋድ ለምሳሌ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100፣ ሹተር ወደ 1/250 ሰከንድ ተይዞ ከዚያ እያዩ ማስተካከል ነው። የቀለም ሚዛኑ፣ ኋይት ባላንስ፣ ከአውቶ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ፎከስ አንዴ ከተያዘ በኋላ ወደ ማንዋል ይቀየር፤ አለዚያ በመሃል ያለፈ ሰው ትከሻ ላይ ይይዝና ግድግዳው ይደበዝዛል።

የብርሃን መጠኑ፣ ኤክስፖዠሩ፣ ለምን ይቆለፋል? ነጭ ነጠላ የለበሱ ብዙ ሰዎች ሲገቡ አውቶ ላይ ያለ ካሜራ ፎቶውን ያጨልማል፤ ሲወጡ ያበራል። ያኔ የግድግዳው ቁጥር በአንዱ 181፣ በሌላው 150፣ በሌላው 205 ይሆናል። ብዙኀኑ የሚስማሙበት ቁጥር ስለሌለ ሚዲያኑ በአንዱ አካባቢ ከአንዱ ፎቶ፣ በጎኑ ከሌላው ይወስዳል፤ ሰው ያለፈበት ቦታ ሁሉ ወዛም እድፍ መስሎ ይቀራል። ባዶ ግድግዳ ላይ ጠርዝ የሌለው ነጠብጣብ ከታየ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

በስልክም ይሠራል። ስልኩ ፕሮ የሚባል ቅንብር ካለው ከላይ ያሉት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገኛሉ፤ ከሌለው ግድግዳው ላይ ጣትን ተጭኖ ማቆየት በብዙ ስልክ ላይ ፎከስና ብርሃን ይቆልፋል። ብርሃኑን በራሱ የሚያመጣጥነው ኤችዲአር ይዘጋ። ስልኩ ትራይፖድ ላይ ባይሆን እንኳ ከማይነቃነቅ አጥር ወይም ድንጋይ ጋር ተደግፎ ይቁም። በእጅ ተይዞ የተነሣን ፎቶ ኮምፒውተር ማገጣጠም ቢችልም ገደብ አለው። ካሜራው ከዘነበለ ይስተካከላል፤ ቦታ ከለቀቀ ግን ከፊት ያለው ዛፍ ወይም ምሰሶ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ይሸሻል፤ ያንን የሚመልስ ማገጣጠሚያ የለም።

ኮምፒውተሩ ላይ ምን ይደረጋል?

ፎቶዎቹ ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ዓይነት፣ በሮው፣ ከተነሡ አንዱ ይስተካከልና ያው ቅንብር ሳይለወጥ ለሁሉም ይገልበጥ። አውቶ የሚለው ቁልፍ እዚህም አይነካ፤ ካሜራው ላይ የተቆለፈውን ብርሃን መልሶ ይበትነዋል።

ፎቶሾፕ ላይ `File > Scripts > Load Files into Stack` ይከፈትና ፎቶዎቹ ይመረጣሉ። `Create Smart Object after Loading Layers` የሚለው ምልክት ይደረግበታል። ሲጨርስ `Layer > Smart Objects > Stack Mode > Median` ሲመረጥ ሰዎቹ ይጠፋሉ። በዚያው መስኮት ላይ `Attempt to Automatically Align Source Images` የሚል አለ፤ እሱ በእጅ ለተነሣ ፎቶ ነው።

ፎቶሾፕ ለሌለው ሰው `ImageMagick` የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያንኑ በአንድ መስመር ይሠራል። ፎቶዎቹ ብቻቸውን ባሉበት ፎልደር ውስጥ የትእዛዝ መጻፊያው መስኮት፣ ተርሚናል፣ ተከፍቶ ይህ ይጻፋል፦

```
magick *.JPG -evaluate-sequence median adarash.tif
```

በእጅ የተነሣ ከሆነ መጀመሪያ `Hugin` ከሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጋር በሚመጣው መሣሪያ ይገጣጠማል፤ ከዚያ ሚዲያኑ ይወጣል፦

```
align_image_stack -a lay_ -C *.JPG
magick lay_*.tif -evaluate-sequence median adarash.tif
```

ትራይፖድ ላይ የተነሣን ግን ማገጣጠም አይመከርም። ማገጣጠሚያው በየፎቶው ተመሳሳይ ነጥቦችን እየፈለገ ነው የሚያስተካክለው፤ ሕዝብ በበዛበት ፎቶ ከነጥቦቹ አንዳንዶቹ የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ያርፉና ደህና የነበረውን ያጣምማሉ።

የማስታወሻ ቦታም ይታሰብበት። ባለ 24 ሜጋፒክስል 21 ፎቶ በአንድ ላይ ሲከፈት በርካታ ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ከደረቀ ፎቶዎቹ በቁመትም በወርድም በግማሽ ይቀነሱ፤ ሸክሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ብዛታቸው ግን አይቀነስ፤ ሰውን የሚያጠፋው ብዛቱ ነውና። ብዛቱ ጎዶሎ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፦ 15፣ 21፣ 25። ተጋማሽ ቁጥር ሲሆን መሃል ላይ የሚቆሙት ሁለት ስለሚሆኑ አንዳንዱ ፕሮግራም ይቀላቅላቸዋል፣ አንዳንዱ አንዱን ይመርጣል።

ሰው ከቀረስ?

ይቀራል። በሩ አጠገብ የተቀመጠ ጥበቃ፣ ዛፍ ሥር ያረፈ ሽማግሌ፣ ከአጥሩ ሥር የቆመች ባጃጅ በሁሉም ፎቶ ላይ ስላሉ ለሚዲያን ከሕንፃው አይለዩም። የፎቶ አንሺው የራሱ ጥላና ሌንሱ ላይ ያረፈ አቧራም እንዲሁ።

ለበሩ ያለው መፍትሔ ሚዲያኑን መተው ነው። ከ21 ፎቶ በሩ ባዶ የሆነበት አንድ እንኳ ካለ ይበቃል፤ ያ ፎቶ ከሚዲያኑ በላይ እንደ ሌላ ንብርብር፣ በሌየር፣ ይቀመጥና ከፊሉን በሚሸፍን ማስክ የበሩ አካባቢ ብቻ ይገለጣል። ብርሃኑ ተቆልፎ ስለነበር መገናኛው አይታወቅም። እንዲህ ያለ ፎቶ መኖሩ ካሜራው ከመነቀሉ በፊት መረጋገጥ አለበት፤ ከተነቀለ በኋላ ያው ቦታ ላይ መልሶ መትከል አይቻልም ማለት ይቀላል። የ5 ደቂቃው ሥራ ካለቀ በኋላ በሩን ብቻ እያዩ ጥቂት መጠበቅና ባዶ ሲሆን አንድ ማንሣት ከብዙ የኮምፒውተር ሥራ ያድናል። ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ቀድሞ ማነጋገር ነው፦ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለአንድ ፎቶ ያህል ወደዚህ ጠጋ ቢሉልኝ?» ሲባሉ እሺ የማይሉ ጥቂት ናቸው፤ ያች አንዲት ፎቶ ለማስኩ ትበቃለች።

ሙሉ ሰው ሳይሆን የሳሳ ቅሪት ብቻ ሲታይ ምክንያቱ ሌላ ነው። ያ ቦታ ወሰኑ ላይ ነበረ፤ ወደ ግማሽ ተከልሏል። እዚህ ላይ ፎቶ መጨመር ይረዳል። ሌላው ተንኮለኛ ነገር የሰዉ ጥላ ነው። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ጥላው ከሰውየው ቁመት ይረዝማል፤ መሬቱ የሚከለለው ከግድግዳው ይልቅ በብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ግድግዳው ንጹሕ ሆኖ ከፊቱ ያለው መሬት ብቻ የጨቀየ ከመሰለ ሰዓቱ በጣም ማልዶ ወይም በጣም መሽቶ ነበር ማለት ነው።

ዛፉና ሰማዩ ለምን ተበላሹ?

ሚዲያን የሚያከብረው የማይንቀሳቀሰውን ብቻ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ነፋስ ሲነካው በየፎቶው ሌላ ቦታ ስለሚሆን ውጤቱ በውሃ ቀለም የተቀባ የመሰለ አረንጓዴ ይሆናል። ደመና ይሳሳል፤ የሚውለበለብ ባንዲራ ወይ ይጠፋል ወይ ቅርጽ ያጣል። መፍትሔው ለበሩ የተባለው ነው፦ ከፎቶዎቹ አንዱ ይመረጥና ለዛፉና ለሰማዩ የሱ ይወሰድ። ብዙውን ጊዜ እዚያ ከፍታ ላይ ሰው ስለሌለ ማንኛውም ፎቶ ይሆናል።

በመሃል ደመና ገብቶ ከሆነ ግን ፎቶዎቹ ከመደራረባቸው በፊት ይለዩ። ከ21 ፎቶ 13ቱ በፀሐይ፣ 8ቱ በደመና ከሆኑ 8ቱ ይውጡ። አብረው ከገቡ የፀሐዩ ወገን በጠባብ ብልጫ ያሸንፋል፤ ነገር ግን ሰው በመከለሉ ከ13ቱ ጥቂት በጎደሉበት ቦታ ሁሉ ብልጫው ወደ ደመናው ይዞራል፤ ግድግዳው ላይ ጨለማ ጥፍጥፎች ይታያሉ። 13 ወጥ ፎቶ ከ21 ቅልቅል ይሻላል።

ታዲያ ይህ ፎቶ እውነት ነው?

እያንዳንዱ ነጥብ ካሜራው በእርግጥ ያየው ነው፤ ከጎን ተገልብጦ የተለጠፈ ወይም የተፈጠረ ግድግዳ የለበትም። በዚህ ከመፋቂያ መሣሪያ ይለያል፤ መፋቂያው ከሰውየው ጀርባ ያለውን ስለማያውቅ ከአጠገቡ ቀድቶ ይሞላል። ለሕንፃ መዝገብ፣ ለጥገና ጥናት፣ ለፖስት ካርድ ሚዲያን የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቅጽበቱ ግን እውነት አይደለም፤ ግቢው በዚያ ሰዓት ባዶ አልነበረም። ስለዚህ በዓሉ ላይ ስንት ሰው ተገኘ ለሚል ዜና ይህን ፎቶ ማቅረብ ውሸት ነው፤ በሌላ ቦታ ሲወጣም ከብዙ ፎቶ የተደራረበ መሆኑ ከሥሩ ይጻፍ።

መጥፋት የማይገባው ነገር አለመጥፋቱ እንዴት ይታወቃል?

በዓይን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ዓይን የጎደለውን አይፈልግም። ከተደራረቡት ፎቶዎች አንዱ ከውጤቱ ላይ ሲቀነስ ልዩነቱ ብቻ ይቀራል፦

```
magick lay_0007.tif adarash.tif -alpha off -compose difference -composite -auto-level luyinet.png
```

ትራይፖድ ላይ የተነሣ ከሆነ በ`lay_0007.tif` ፈንታ ከፎቶዎቹ የአንዱ ስም ይገባል። በሚወጣው ምስል ላይ ያልተለወጠው ሁሉ ጥቁር ነው፤ የተለወጠው ያበራል። የሰው ቅርጾች ማብራታቸው የሚጠበቅ ነው፤ የጠፉት እነሱ ናቸው። ሕንፃው ዙሪያ በጠርዞቹ ላይ ቀጭን ብሩህ መስመር ከታየ ካሜራው ተነቃንቋል ወይም ማገጣጠሙ ስቷል፤ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ታይተው የሸሸው ይውጣ። ከግድግዳው አንድ ሰፊ ክፍል በደብዛዛው ካበራ ብርሃኑ ተለውጧል። ሰው ባልነበረበት ቦታ ቅርጽ ያለው ነገር ካበራ፣ ለምሳሌ በመሃል የተከፈተ መስኮት ወይም በነፋስ የዞረ ሰሌዳ፣ ያ ቦታ ከየትኛው ፎቶ እንደሚወሰድ አንሺው ራሱ ይወስንና በማስክ ይመልሰው።